አትክልቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ወተቱን ይለኩ

ጥያቄ፦ «ልጄ 22 ወሩ ነው። ዓመት እስኪሞላው ድረስ የሰጠሁትን ሁሉ ይበላ ነበር። አሁን አትክልት ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ በግድ ካጎረስኩት ይተፋዋል፣ አንዳንዴም ያስመልሰዋል። ቀኑን ሙሉ የሚጠይቀው ዳቦና ወተት ብቻ ነው። ወተቱን በጡጦ ጠዋት እንደነቃ፣ ከምሳ በፊት፣ ከሰዓት በኋላና ሌሊት ይጠጣል፤ ጡጦው 240 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ክብደቱ 11 ኪሎ ነው፤ ጤና ጣቢያ ጥሩ ነው ብለውኛል። ወተቱን ብቀንስበት ጨርሶ ሳይበላ እንዳይቀር እፈራለሁ። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

ከጻፉልኝ ሁሉ ዓይኔ ያረፈው ጡጦው ላይ ነው። 240 ሚሊ ሊትር በቀን አራት ጊዜ 960 ይመጣል፤ ልጅዎ በየቀኑ አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ወተት ይጠጣል ማለት ነው። ቅባቱ ያልወጣለት የላም ወተት ከሆነ ይህ ብቻውን 600 ካሎሪ ያህል ይሰጠዋል። በእሱ ዕድሜና ክብደት ላለ ልጅ ለቀኑ የሚበቃው ከ900 እስከ 1000 ካሎሪ ገደማ ነው። በወተቱ ላይ ሦስት ቁራጭ ዳቦ ቢበላ፣ አንዱን ቁራጭ 80 ካሎሪ ብንለው፣ 240 ይጨመራል፤ ድምሩ 840 ይሆናል። ለቀኑ የቀረውን ቦታ አንድ እንቁላልና ግማሽ ሙዝ ይሞሉታል። ምሳ ሲቀርብለት ፊቱን የሚያዞረው እንግዲህ ስለጠገበ ነው። የጠገበ ሰው ደግሞ፣ ልጅም ይሁን አዋቂ፣ ከለመደውና ከሚወደው ውጪ የሚያምረው ነገር የለም።

ስለዚህ የምመክርዎት ቅደም ተከተል ብዙ ወላጆች ከሚጀምሩበት ይለያል። መጀመሪያ ወተቱ ይቀንሳል። ቀጥሎ ዳቦው የራሱ ሰዓትና ቦታ ይያዝለታል። አትክልቱ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ወተቱ እንዳለ ሆኖ ስለ አንድ ጉርሻ ካሮት መታገል ሁለታችሁንም ከማድከም በቀር ፋይዳ የለውም።

ወተቱን የማስቀድምበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እንዲያውም ይኸኛው ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለ ልጅ በቀን 7 ሚሊ ግራም ያህል የብረት ማዕድን ከምግብ ማግኘት አለበት። በአንድ ሊትር የላም ወተት ውስጥ ያለው ግን ግማሽ ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ እሱም በደንብ አይመጠጥም። ከዚህ የባሰው፣ በወተት ውስጥ ያሉት ካልሲየምና ኬዚን የተባለው ፕሮቲን አብሮ የተበላው ምግብ የያዘውን ብረት ጭምር ወደ ደም እንዳይገባ ያውካሉ። ዳቦው ብረት ከተጨመረበት ዱቄት ቢጋገር እንኳ ጉድለቱን በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይሸፍነውም። በዚህ አመጋገብ ወራት የቆየ ልጅ ጉንጩ ሞልቶ፣ ክብደቱ ጥሩ ሆኖ ደሙ ሊያንስ ይችላል። 11 ኪሎ ጥሩ ነው የተባሉት እውነት ነው፤ ሚዛን ግን የብረት እጥረትን አያሳይም። ችግሩን የሚያባብሰው ደግሞ የብረት እጥረት ራሱ የምግብ ፍላጎትን መቀነሱ ነው። ልጁ ምግብ በጠላ ቁጥር ወተት ይጠይቃል፤ ወተት በጠጣ ቁጥር እጥረቱ ይብሳል።

ስለዚህ ሌላ ምንም ምልክት ባይታይበትም እንኳ ወደ ጤና ጣቢያ መልሰው ይውሰዱትና በቀን የሚጠጣውን የወተት መጠን በቁጥር ይንገሯቸው። የደም ምርመራ እንዲደረግለት ይጠይቁ፤ ሄሞግሎቢንና፣ ቢቻል ደግሞ ፌሪቲን። ፌሪቲን በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመውን ብረት የሚያመለክት ነው። መጀመሪያ የሚያልቀው ይህ ክምችት ነው፤ ሄሞግሎቢን የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ሄሞግሎቢኑ ደህና ነው ሲባል ብቻ ነገሩን መተው አይገባም። የብረት ሽሮፕ ግን ሳይመረመር በራስዎ ገዝተው አይስጡት። መጠኑ በልጁ ክብደት ተሰልቶ ይታዘዛል፤ ሲበዛ ለትንሽ ልጅ ሕይወትን የሚያሰጋ መርዝ ነው። ከታዘዘለትም ከወተት ጋር ሳይሆን በተለያየ ሰዓት ይስጡት፣ ጠርሙሱንም እጁ በማይደርስበት ቦታ ቆልፈው ያስቀምጡት።

ዓመት እስኪሞላው ሁሉን ይበላ የነበረ ልጅ ለምን ተለወጠ? በመጀመሪያው ዓመት ሕፃን የተወለደበትን ክብደት ሦስት እጥፍ ገደማ ያደርሳል። በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ግን ሁለት ኪሎ ወይም ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ዕድገቱ ሲረጋጋ ረሃቡም አብሮ ይረጋጋል። በዚያው ሰሞን፣ ከ18 ወር አንስቶ፣ ልጆች የማያውቁትን ምግብ መፍራት ይጀምራሉ። ይህ ፍርሃት በብዙ ልጆች ላይ የሚታይ የዕድገት ምዕራፍ ነው፤ በሁለትና በስድስት ዓመት መካከል በርትቶ ቀስ በቀስ ይለቃል። አብዝቶ የሚያርፈውም አትክልት ላይ ነው፤ ምክንያቱም አትክልት መረር ይላል፣ የሚያጠግበው ጥቂት ነው፣ ዛሬ የተበላው ቁራጭም በመልክና በልስላሴ ከትናንቱ ይለያል። ዳቦ ግን ሁልጊዜ ያው ዳቦ ነው፤ ወተትም ያው ወተት። ልጅዎ የሚመርጠው የማያስደነግጠውን ምግብ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የምንደርስበት ግብ በቀን ከ350 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ወተት፣ በጡጦ ሳይሆን በኩባያ፣ ከምግብ ጋር የሚሰጥ ነው። በአንድ ቀን አይደረስበትም።

መጀመሪያ ከምሳ በፊት ያለው ጡጦ ይቅር። ምሳውን የሚገድለው እሱ ነው። በእሱ ፋንታ ከምሳ ሁለት ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ ትንሽ መክሰስ፣ ለምሳሌ የተቆራረጠ ፍራፍሬና ውሃ በኩባያ ይስጡት፤ ከዚያ እስከ ምሳ ድረስ ውሃ ብቻ። ወተት ሲጠይቅ የሚመለስለት ቃል አጭርና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፤ «ወተት ከሰዓት በኋላ ነው፣ አሁን ውሃ አለ» ይበቃል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ማብራሪያ አይከተልም፤ የተደጋገመ ቃል ግን ይይዛል። ያለቅሳል። አቅፈው ያባብሉት፣ ጡጦውን ግን ከዓይኑ ያርቁት።

አራት አምስት ቀን ሲያልፍና የምሳው ሰዓት ሲረጋጋ ወደ ሌሊቱ ጡጦ ይሂዱ። ይህንን በአንዴ ከማቋረጥ ይልቅ በየሁለት ሌሊቱ 30 ሚሊ ሊትር መቀነስ ይሻላል፤ ከ240 ወደ 210፣ ከዚያ ወደ 180፣ እንዲህ እያሉ 60 ሲደርስ ይተዉታል። ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። የቀነሱትን በጁስ ወይም በስኳር ውሃ አይተኩት። ሌሊት በጡጦ የሚጠጣ ጣፋጭ ነገር ጥርስን ያበላሻል፣ ወተቱም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም። ሌሊት ከነቃ ውሃ ይቅመስ። በመጨረሻ የቀሩት የጠዋትና የከሰዓት በኋላ ጡጦዎች ወደ ክፍት ኩባያ ይዛወራሉ። ኩባያ ስል አፉ ክፍት የሆነውን ማለቴ ነው፤ እየተጠባ የሚጠጣ ክዳን ያለው ዕቃ ከጡጦ ብዙም አይለይም። ጠዋት ከቁርስ ጋር 150፣ ከሰዓት በኋላ ከመክሰስ ጋር 150፣ ከእራት ጋር 120 ሚሊ ሊትር ቢጠጣ ድምሩ 420 ይሆናል፤ ለካልሲየሙም በቂ ነው።

ጨርሶ ሳይበላ እንዳይቀር ላሉት ስጋት መልሱ ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የሚበላው ጥቂት ይሆናል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ጤነኛ ልጅ በቀናት ውስጥ የጎደለውን ከሌላ ምግብ ማካካስ ይጀምራል። እርስዎ የሚከታተሉት ሽንቱን ነው፤ እንደ ወትሮው እየሸና፣ እየተጫወተ፣ አፉ ካልደረቀ ደህና ነው። ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ከያዘው መቀነሱን እስኪድን ያቁሙት። አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር፤ «ሲርበው ይበላል» የሚለው ምክር ለሁሉም ልጅ አይሠራም። ምግብ ማኘክ ወይም መዋጥ የሚቸግረው፣ ወይም የምግብ ልስላሴና ሽታ ከመጠን በላይ የሚያስጨንቀው ልጅ ተርቦም ላይበላ ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ ባለሙያ ሳያየው ወተቱ አይቀነስበትም።

ዳቦውን አልከለክለውም፤ ለልጁ የመተማመኛ ምግቡ ነው፣ ለእኛ ደግሞ መሸጋገሪያችን። የሚቀየረው የሚሰጥበት ሁኔታ ነው። በእጁ ይዞ ቤቱን እየዞረ የሚበላው ዳቦ ይቅርና በገበታ ላይ ብቻ ይሰጠው። ቀኑ ሦስት ዋና ምግብና ሁለት መክሰስ ይኑረው፤ በየመካከላቸው ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ክፍተት፣ በክፍተቱም ከውሃ በቀር ምንም። እርስዎ ይህንን ይዘው ሳለ አያቱ ወይም ሞግዚቷ አዝነው ቁራሽ የሚሰጡት ከሆነ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት በቤት ውስጥ ልጁን የሚመግብ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ይወቅ።

በየገበታው ልጁ በእርግጠኝነት የሚበላው አንድ ነገር ይኑር፤ በእሱ ቤት ለጊዜው ይህ ዳቦ ነው። አንድ ቁራጭ ይቅረብለት፤ ሲያልቅ «ዳቦው አለቀ፣ ይህ ደግሞ አለ» ይበሉት። ዳቦው ላይ በብረት የበለጸገ ነገር በስሱ መቀባት ይጀምሩ፤ በደንብ በስሎ የተፈጨ ምስር፣ ወይም የላመ እንቁላል። መጀመሪያ ቀለሙ ብቻ የሚታይ ያህል፣ በአንዱ ጫፍ ብቻ ይሁን፤ ሌላው ጫፍ የሚያውቀው ዳቦ እንደሆነ ይቆይ። ሲለምደው ቅቡ ይወፍራል፣ ወደ መሃልም ይገባል። ምስር ወይም ሌላ ጥራጥሬ በሚበላበት ገበታ ላይ ብርቱካን ወይም ሌላ ቫይታሚን ሲ ያለው ፍራፍሬ ቢጨመር ከጥራጥሬው የሚመጠጠው ብረት ይጨምራል። በደንብ የተፈጨና የለሰለሰ ሥጋ የሚበላ ከሆነ ከሁሉም የተሻለ የብረት ምንጭ ነው። ሻይ ግን ብረቱን ስለሚያስቀር ለልጅ አይሰጥ።

አትክልቱ ጋ ደረስን። አንድ አትክልት ብቻ ይምረጡ፤ ጣፋጭነት ያለው ይሁን፣ ካሮት ወይም ዱባ፤ ጎመንና ቆስጣ ለኋላ ይቆዩ። ካሮቱን በጣት ሲጫኑት እስኪጨፈለቅ ድረስ ያብስሉት። ጥሬ ካሮት በዚህ ዕድሜ ያንቃል። ትንሽ ዘይት ጣል ቢያደርጉበት ጣዕሙም ይሻላል፣ በውስጡ ያለው የቫይታሚን ኤ ምንጭም በደንብ ይመጠጣል። ከዚያ ከአንዱ ቁራጭ የአተር ፍሬ የምታክል ብቻ ቆርጠው በሳህኑ ዳር ያኑሩለት፤ ከዳቦው ጋር ሳትነካካ። ልጆች የጠሉት ነገር የሚወዱትን ሲነካ የሚወዱትንም ይተዋሉ። ጊዜው የምሳ መጀመሪያ ይሁን፤ በቀኑ ውስጥ ይበልጥ የሚርበው ያኔ ነው። እርስዎም ያንኑ ካሮት ከራስዎ ሳህን እያነሱ ይብሉ። ልጅ አዲስ ምግብን የሚደፍረው አዋቂው ያንኑ ሲበላ ሲያይ ነው፤ ሌላ ምግብ እየበሉ «ካሮት ጥሩ ነው» ማለት አይጠቅምም።

ከዚያ ምንም አይበሉ። የሚሆነውን ልንገርዎት፤ በመጀመሪያው ቀን በጣቱ ገፍቶ ከሳህኑ ያወጣታል። እርስዎ ዝም ብለው ያነሷታል። በሌላ ቀን ይጨፈልቃታል፣ ጣቱን ያያል፣ በልብሱ ይጠርጋል። በሌላ ቀን ወደ አፍንጫው ያስጠጋታል፤ ከዚያ ይልሳታል፤ ከዚያ አፉ ከቶ ይተፋታል። ይህ ሁሉ የመልመድ መንገድ ነው፤ መትፋቱንም እንደ ውድቀት አይቁጠሩት፣ ምላሱ ጣዕሙን አግኝቷል። አንድን ምግብ ለመቀበል ልጆች ከ8 እስከ 15 ጊዜ ያህል መቅመስ ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ። ብዙ ቤተሰብ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሙከራ «አይወድም» ብሎ ይተወዋል፤ ትልቁ ብክነት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ያንኑ ካሮት በቀን አንድ ጊዜ፣ ሳያቋርጡ፣ ሳያሳድጉት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያቅርቡ። አትክልትን በሌላ ምግብ ውስጥ ፈጭቶ መደበቅ ንጥረ ነገሩን ይሰጣል፣ ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ልጁ ካሮት ምን እንደሆነ ስለማያይበት መውደድን አያስተምረውም። እስከዚያው የሚጎድለውን ቫይታሚንና አሰር ፍራፍሬ በብዛት ይሸፍናል። የአትክልቱ ጉዳይ አያጣድፍም፤ የሚያጣድፈው ብረቱ ነው።

በግድ ማጉረሱን ዛሬውኑ ያቁሙ። ሲያስመልሰው እንደነበር ጽፈውልኛል፤ አንድ ልጅ በአንድ ምግብ ተገዶ ካስመለሰ የዚያን ምግብ ሽታ ከማስመለሱ ጋር ያያይዘዋል፣ ጥላቻው ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። በግድ ይሰጠው የነበረው ካሮት ከሆነ እንግዲህ በዱባ ይጀምሩና ካሮቱን ለወራት ያሳርፉት። ልመናም ያው ግፊት ነው፤ «አንድ ጉርሻ ብቻ» እየተባለ የሚበላ ልጅ ያንን ምግብ የሚያስታውሰው በጭንቀት ነው። ከረሜላን ሽልማት ማድረግ ደግሞ ለልጁ አንድ ነገር ይነግረዋል፤ ካሮት መታገስ ያለበት ቅጣት፣ ከረሜላ ግን እውነተኛው ምግብ እንደሆነ። ቴሌቪዥን ከፍቶ ሳያስተውል ማጉረስም ቢሆን ጉርሻውን ያስገባል እንጂ ምግቡን አያስለምድም። የአሜሪካዊቷ የሥነ ምግብ ባለሙያ ኤሊን ሳተር አከፋፈል ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል፤ መብላት አለመብላቱንና መጠኑን ልጁ ይወስናል። ገበታው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ በላም አልበላም ያለ ቁጣ ይነሳ፤ ቀጣዩ ምግብ በሰዓቱ ይመጣል።

ነገሩ በተለምዶ እንዲህ ይሄዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ልቅሶ ይበዛል፣ ምሳውም ዳቦ ብቻ ሆኖ ያልፋል። ከሁለተኛው ሳምንት አንስቶ ረሃቡ ይታያል፤ እንቁላሉን ወይም ምስር የተቀባውን ዳቦ መንካት ይጀምራል። የሌሊቱ ጡጦ ሲያበቃ ቁርሱ ይስተካከላል። አትክልቱ ከሁሉም ኋላ ነው የሚመጣው፤ በሁለተኛው ወር አንዲቱን ፍሬ ከዋጠ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነዎት። በዚያ ጊዜ በአንዴ ሙሉ ማንኪያ አይቆልሉበት፤ ሁለት ፍሬ ያድርጓት።

ቶሎ መታየት ያለባቸው ልጆች አሉ። የታችኛው የዓይን ሽፋኑ ውስጥ ወይም መዳፉ የገረጣ፣ ቶሎ የሚደክም፣ አፈር ወይም ወረቀት ወይም በረዶ የሚበላ ልጅ የብረት እጥረት ሊኖርበት ይችላል። ሰገራው የደረቀና በሕመም የሚወጣ ከሆነ ድርቀቱ ራሱ ምግብ ያስጠላዋል፤ ብዙ ወተትም ያደርቃል፣ ስለዚህ ድርቀቱ አብሮ ይታከም። ዳቦ አብዝቶ የሚበላ ልጅ ሆዱ እየተነፋ፣ ተቅማጥ እየተመላለሰበትና ዕድገቱ እየቀነሰ ከሆነ የስንዴ ፕሮቲን የማይስማማበት የአንጀት ሕመም አለመኖሩ ይመርመር፤ ከምርመራው በፊት ግን ዳቦውን አያቋርጡ፣ ውጤቱ ይዛባል። ሲበላ የሚያስለው ወይም የሚያንቀው፣ ከዚህ ቀደም ይበላቸው የነበሩትን ምግቦች አንድ በአንድ እየተወ የሚሄድ፣ በዚያ ላይ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ወይም ንግግሩ የዘገየ ልጅም የሕፃናት ሐኪም ይየው።

ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የሦስት ቀን መዝገብ ይዘው ይሂዱ፤ የጠጣውን ወተት በሚሊ ሊትር፣ የበላውን በማንኪያና በቁራጭ፣ ሰዓቱንም ጭምር። የክብደቱን ካርድም አይርሱ፤ የአንድ ቀን 11 ኪሎ ሳይሆን ባለፉት ወራት የተጓዘበት መስመር ነው የሚታየው። የምርመራው ውጤት ሲደርስዎ ቁጥሩን ይጻፉልኝ፤ ብረት ከታዘዘለት ከወተቱ መቀነስ ጋር እንዴት እንደምናስኬደው ያኔ በዝርዝር እመልስልዎታለሁ።